የባንክ ኦፊሰር የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ፦ ቀኑ፣ ርክክቡና ምስጋናው

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ይሰማና ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

አቅራቢ፦ የዚህ ሳምንት ትምህርት የሚያተኩረው አንድ የባንክ ኦፊሰር ሥራውን በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ በሚጽፈው ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ቢሆንም፣ የመጨረሻው ደመወዝ መቼ እንደሚከፈል፣ የካዝናው ቁልፍ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚያልፍ፣ ኋላ ጉድለት ቢገኝ ማን እንደሚጠየቅ የሚወሰነው በአብዛኛው በዚያች አንድ ገጽ ላይ በሰፈረው ቃል ነው።

ለትምህርቱ እንዲያመች አንዲት ኦፊሰር በምሳሌነት ትወሰድ። ይህች ሠራተኛ በአዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ ሀና ማርያም በሚገኝ የአንድ ባንክ ቅርንጫፍ የደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰር ሆና ትሠራለች፤ ከካዝናው ሁለት ቁልፎች አንደኛው በእርሷ እጅ ነው፤ የቅርንጫፉን ማኅተምና ያልተሠራባቸውን የቼክ ደብተሮችም የምትይዘው እርሷ ናት። ሠራተኛዋም ቅርንጫፉም የታሰቡት ለማስረዳት ብቻ ሲሆን፣ የሚጠቀሰው ሕግ ግን በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሥራ ለመልቀቅ የባንኩ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

መልሱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 ይገኛል። በዚህ አንቀጽ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ማንኛውም ሠራተኛ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ማስጠንቀቂያ ሲባል እዚህ ላይ በጥፋት ለተከሰሰ ሠራተኛ የሚሰጠው የቅጣት ወረቀት አይደለም፤ ውሉ መቼ እንደሚያበቃ አስቀድሞ ለሌላው ወገን ማሳወቅ ማለት ነው። ሕጉ ሠራተኛው እንዲያሳውቅ እንጂ እንዲፈቀድለት እንዲለምን አላዘዘም።

ይህ ነጥብ ጎልቶ ይሰማ ዘንድ ይደገም፤ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ልመና ሳይሆን ማሳወቂያ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሚጻፉት ብዙዎቹ ደብዳቤዎች ግን «የሥራ መልቀቂያ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» በሚል ዓረፍተ ነገር ይዘጋሉ። ጨዋነቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ሕጋዊ ውጤቱ ግን ደካማ ነው፤ ምክንያቱም ፈቃድ የጠየቀ ሰው መልስ ይጠብቃል፣ መልሱ ሲዘገይም የ30 ቀኑ ቆጠራ ጀምሯል ወይስ አልጀመረም የሚል ክርክር ይነሣል። ኦፊሰሯ ትሕትናዋን ሳታጓድል «ሥራዬን የምለቅ መሆኑን አስታውቃለሁ» ብላ ብትጽፍ ክርክሩ የሚነሣበት ቀዳዳ ይዘጋል።

አድማጮች ብዙ ጊዜ የሚያደናግራቸው ሌላም ነገር አለ። አዋጁ አሠሪው ሠራተኛን በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት ጊዜውን ከአገልግሎት ዘመን ጋር እያያዘ ከ1 ወር እስከ 3 ወር ያደርሰዋል፤ ስለዚህም ከ9 ዓመት በላይ የሠራ ባለሙያ እርሱም በበኩሉ 3 ወር ቀድሞ ማሳወቅ ያለበት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ 2 ዓመትም ይሥራ 12 ዓመት፣ አንቀጽ 31 የሚጠይቀው 30 ቀን ነው። ቢበዛ 60 የሥራ ቀናት በሚዘልቀው የሙከራ ጊዜ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። የመቅጠር፣ የማዛወርና የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው የሥራ መሪ ግን ከዚህ አዋጅ ሽፋን ውጭ ስለሆነ፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ይህን ትምህርት ሰምቶ በቀጥታ ለራሱ ከመጠቀሙ በፊት የራሱን ውል ማንበብ ይኖርበታል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ሁለተኛው ጥያቄ፦ 30 ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ከየትኛው ቀን ነው? ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን ነው? ወይስ ከደረሰበት?

አዋጁ እንደሚለው የማስጠንቀቂያው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ማስጠንቀቂያው በአግባቡ ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ነው። የሠራተኛው ማስጠንቀቂያ ተሰጠ የሚባለው ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ ለአሠሪው ወይም ለእንደራሴው ሲሰጥ፣ ወይም ለጽሕፈት ቤቱ ገቢ ሲደረግ ነው። ለባልደረባ በቃል መንገር፣ ለሥራ አስኪያጁ በስልክ መንገር፣ በስብሰባ መካከል «እኔ መልቀቄ ነው» ብሎ መናገር ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

የምሳሌዋ ኦፊሰር ደብዳቤዋን ረቡዕ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም. ጻፈችው እንበል። ከቀጣዩ ቀን ብትጀምር 30ኛው ቀን ታኅሣሥ 3 ላይ ያርፋል። ነገር ግን ደብዳቤው በቦርሳዋ ውስጥ ቆይቶ ለቅርንጫፉ የገባው ቅዳሜ፣ ኅዳር 6 ቀን ነበር። ቀጥሎ ያለው ቀን እሑድ ስለሆነ የመጀመሪያው የሥራ ቀን ሰኞ፣ ኅዳር 8 ነው። ከዚያ እስከ ኅዳር 30 ድረስ 23 ቀናት ሲኖሩ፣ ቀሪዎቹ 7 ቀናት ከታኅሣሥ ተወስደው 30 ይሞላሉ፤ የመጨረሻው የሥራ ቀን እንግዲህ ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7 ነው።

በታኅሣሥ 3 እና በታኅሣሥ 7 መካከል ያለው ልዩነት 4 ቀን ብቻ ነው። ታዲያ 4 ቀን ምን ያመጣል? ኦፊሰሯ በታኅሣሥ 3 ሥራዋን ትታ ብትሄድ ማስጠንቀቂያውን አሟልታለች ለማለት አይቻልም፤ አዋጁም በአንቀጽ 45 ማስጠንቀቂያውን ሳያከብር ውሉን ያቋረጠ ሠራተኛ ለአሠሪው ካሣ እንዲከፍል ያደርጋል። ካሣው ከ30 ቀን ደመወዝ እንደማይበልጥ ተወስኗል፤ የሚታሰበውም ከቀሪ ክፍያው ላይ ነው። ጥንቃቄው ቀላል ነው። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይታተማል፤ አንደኛው መዝገብ ቤት ይቀራል፤ ሁለተኛው የመዝገብ ቤቱ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ተመትቶበት በሠራተኛዋ እጅ ይቆያል። የመጨረሻው የሥራ ቀንም የሚሰላው ከዚያ ማኅተም ተነሥቶ ስለሆነ፣ ደብዳቤው በሚገባበት ዕለት ቢጻፍ ይመረጣል።

በነሐሴ መጨረሻ ደብዳቤ የሚያስገባ ሰው ጳጉሜን መርሳት የለበትም፤ አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀናት ከ30ው ውስጥ ይቆጠራሉ።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ አሁን ደብዳቤው ይነበባል። አድማጮች በመጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ ርክክቡን፣ በመጨረሻም ምስጋናውን ለይተው እንዲያዳምጡ ይጠየቃሉ።

ሁለተኛ ድምፅ (ዝግ ብሎ ያነባል)፦

ኅዳር 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለባንኩ የሀና ማርያም ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በገዛ ፈቃድ ሥራ መልቀቅን ይመለከታል

በቅርንጫፉ ከጥር ወር 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በደንበኞች አገልግሎት ኦፊሰርነት በማገልገል ላይ የምገኝ ሲሆን፣ በግል ምክንያት ሥራዬን በገዛ ፈቃዴ የምለቅ መሆኑን በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በመስጠት አስታውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ይሆናል።

በእጄ የሚገኙትን የካዝና ቁልፍ፣ ማኅተም፣ ያልተሠራባቸው የቼክ ደብተሮችና በሂደት ላይ ያሉ የደንበኞች ጉዳዮች ባንኩ ለሚመድበው ሠራተኛ ከተጠቀሰው ቀን በፊት ቆጥሬና መዝግቤ አስረክባለሁ። ተረካቢው እስከ ኅዳር 15 ቀን ቢመደብ ሥራውን አብረን የምንሠራበት በቂ ጊዜ እንደሚኖር በአክብሮት እገልጻለሁ።

ከቆጣሪነት ጀምሬ ወደ ኦፊሰርነት እንዳድግ ባንኩ ለሰጠኝ ሥልጠናና የቅርንጫፉ ባልደረቦች ላደረጉልኝ እገዛ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል

(ሙዚቃ ለአጭር ጊዜ ተሰምቶ ያቆማል)

አቅራቢ፦ ደብዳቤው አጭር መሆኑን አድማጮች ሳያስተውሉ አልቀሩም። ከሁሉ የሚያጥረው ምክንያቱ የተገለጸበት ክፍል ነው። አዋጁ ማስጠንቀቂያው ምክንያቱንና ውሉ የሚቋረጥበትን ቀን እንዲይዝ ስለሚጠይቅ ምክንያቱ ፈጽሞ መቅረት የለበትም፤ ሆኖም «በግል ምክንያት በገዛ ፈቃዴ» የሚለው ሐረግ ይበቃል። የደመወዝ ማነስን፣ ከኃላፊ ጋር የተፈጠረ አለመግባባትን ወይም የአዲሱን ባንክ ስም መዘርዘር ለጸሐፊዋ የሚጨምርላት ነገር የለም፤ ደብዳቤው በግል ማኅደሯ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ የሚነበብ ሰነድ ነውና።

አንድ ጊዜ ግን ይህ ምክር አይሠራም። ሠራተኛዋ የምትለቀው ከአሠሪው ወይም ከሥራ መሪ ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ጥቃት ደርሶባት ከሆነ፣ አንቀጽ 32 ያለ ማስጠንቀቂያ ውሉን የማቋረጥ መብት ይሰጣታል። ይህን መብት ልትጠቀም ያሰበች ሴት «በግል ምክንያት» ብላ ከጻፈች በኋላ የምታቀርበውን አቤቱታ የገዛ ደብዳቤዋ ይቃረነዋል። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ዛሬ ከሚብራራው የተለየ ዓይነት ስለሆነ ከመጻፉ በፊት የሕግ ምክር ይፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ከዚህ ቀጥሎ ያለው የትምህርቱ ዋና ክፍል ርክክብ ነው። ርክክብ ማለት ሠራተኛው በኃላፊነት የያዘውን ገንዘብ፣ ንብረት፣ ሰነድና ያልተጠናቀቀ ሥራ ቆጥሮና መዝግቦ ለሌላ ሰው የሚያስተላልፍበት ሥርዓት ነው። ለመሆኑ ኦፊሰሯ በደብዳቤዋ ያቀረበችው የርክክብ ጊዜ ከ30 ቀኑ ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?

ውስጥ ነው። በማስጠንቀቂያው ጊዜ የሁለቱም ወገኖች ግዴታ እንደጸና ይቀጥላል፤ ሠራተኛዋ ትሠራለች፣ ባንኩም ደመወዝ ይከፍላል፤ ስለዚህ 30 ቀኑ ለርክክብ የተመቸ ጊዜ ነው። አንዳንድ ቅን ሠራተኞች ግን «ተተኪ እስኪመደብ ድረስ በሥራዬ ላይ እቆያለሁ» ብለው ይጽፋሉ። አሳቡ በጎ ቢሆንም ዓረፍተ ነገሩ አደገኛ ነው፤ ከላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ቀን ያፈርሰዋል፣ የመልቀቂያውንም ጊዜ ባንኩ ተተኪ በሚመድብበት ቀን ላይ ያንጠለጥለዋል። በተነበበው ደብዳቤ ውስጥ ያለው አቀራረብ የሚመረጠው ለዚህ ነው፤ ኦፊሰሯ ለማስረከብ ዝግጁ መሆኗን ትገልጻለች፣ ተረካቢው መቼ ቢመደብ እንደሚሻል ትጠቁማለች፣ የመጨረሻውን ቀን ግን አትነካውም። ተጨማሪ ቀን መስጠት ከፈለገችም «እስከ ታኅሣሥ 15» ብላ በቀን ትወስነዋለች።

ርክክቡ በተግባር እንዴት ይሄዳል? ከኅዳር 8 እስከ ኅዳር 13 ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ኦፊሰሯ በእጇ ያለውን ሁሉ ትዘረዝራለች። ዝርዝሩ «የቼክ ደብተሮች» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ዋጋ የለውም፤ የቼክ ደብተሮቹ ተከታታይ ቁጥር ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ ማኅተሙ የትኛው እንደሆነ፣ ደንበኞች ጠይቀው ያልወሰዷቸው የኤ.ቲ.ኤም. ካርዶች ስንት እንደሆኑና የማን እንደሆኑ መጻፍ አለበት። በሂደት ላይ ያሉ ጉዳዮችም እንዲሁ ናቸው፤ ለምሳሌ የሟች አባታቸውን ሒሳብ ለማዘዋወር የወራሽነት ማስረጃ ያስገቡ ቤተሰቦች ካሉ፣ ማኅደሩ የት ደረጃ ላይ እንደደረሰና ምን ሰነድ እንደጎደለ በአንድ መስመር ይገለጻል። ይህ ካልተደረገ ቤተሰቡ በቀጣዩ ወር ሲመጣ አዲሱ ሠራተኛ ሁሉንም ከመጀመሪያው ያስጀምራቸዋል።

ከኅዳር 15 በኋላ ተረካቢው ከኦፊሰሯ ጎን ሆኖ ይሠራል። የወር መጨረሻ፣ ደመወዝ የሚወጣበትና ቅርንጫፉ የሚጨናነቅበት ጊዜ በዚህ መሐል ስለሚገኝ፣ ተረካቢው በጣም ከባዱን ቀን ልምድ ካላት ኦፊሰር ጋር ያየዋል። ይሁን እንጂ በዚያ ቀን ቁልፍና ገንዘብ ማስረከብ አይገባም፤ ድካምና ችኮላ ባለበት ሰዓት የተቆጠረ ገንዘብ ኋላ የሚያጣላ ገንዘብ ነው። በሰኔ ወር የሚለቅ ሰውም ባንኮች የሒሳብ ዓመታቸውን የሚዘጉት ሰኔ 23 መሆኑን ከግምት ያስገባል።

ታዲያ ቁልፉ መቼ ይሰጥ? በመጨረሻው ቀን፣ በመጨረሻው ሰዓት መስጠት የተለመደ ነው፤ የከፋው ምርጫም እርሱ ነው። በዚህ ምሳሌ ቁልፉን ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2፣ ለደንበኞች የሚሰጠው አገልግሎት ከተዘጋ በኋላ ማስረከብ የተሻለ ነው። ገንዘቡ በብር ኖት ዓይነት ተለይቶ፣ አስረካቢዋ፣ ተረካቢው፣ ሁለተኛው ቁልፍ ያዥና ሥራ አስኪያጁ ባሉበት ይቆጠራል፤ የተቆጠረው በሲስተሙ ከሚታየው ቀሪ ሒሳብ ጋር ይመሳከራል፤ ቀንና ሰዓት በያዘ የርክክብ ሰነድ ላይም ሁሉም ይፈርማሉ። ካዝናው የሚስጥር ቁጥር ካለው በዚያው ምሽት ይለወጣል፤ የኦፊሰሯ የሲስተም መለያም ከጥሬ ገንዘብ ሥራ ላይ ይነሣል።

ከታኅሣሥ 2 እስከ ታኅሣሥ 7 ኦፊሰሯ አሁንም በቅርንጫፉ ውስጥ ናት፤ ገንዘቡ ግን በሌላ ሰው እጅ ነው። በእነዚያ ቀናት አንድ ልዩነት ቢታይ እርሷ ባለችበት ተፈትሾ ምንጩ ይገኛል። በመጨረሻው ሰዓት ያስረከበች ሠራተኛ ግን በማግስቱ «ጉድለት ተገኘ» ተብላ ስትጠራ የምታስረዳበት ሰነድም፣ የምታየው ሲስተምም አይኖራትም። መለያዋ ሳይዘጋ ከሄደች ደግሞ ከእርሷ በኋላ የተሠራ ሥራ በስሟ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚህ በድጋሚ፤ ገንዘብና ቁልፍ ከመጨረሻው ቀን ጥቂት ቀናት ቀድሞ ይሰጣል፣ መለያውም መዘጋቱ በጽሑፍ ይረጋገጣል።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ርክክቡ ከክፍያ ጋር ምን ያገናኘዋል? በአንቀጽ 36 መሠረት የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ደመወዝና ሌላ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ካለም በገንዘብ ታስቦ ይከፈላል። ቅዳሜ እንደ ሥራ ቀን ከተቆጠረ የምሳሌዋ ኦፊሰር ክፍያ እስከ ታኅሣሥ 15 ሊደርሳት ይገባል። ሕጉ ግን አንድ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ሠራተኛው ከአሠሪው የተረከበውን ንብረት ወይም ገንዘብ በራሱ ጥፋት ሳይመልስ ከዘገየ የመክፈያው ጊዜ ሊራዘም ይችላል። የርክክቡ ሰነድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ መዘግየቱ የሠራተኛዋ አለመሆኑን የሚያሳየው እርሱ ነው።

በባንክ ቤት ክሊራንስ የሚባለው፣ ሠራተኛው ከየክፍሉ ዕዳ እንደሌለበት የሚፈረምለት ወረቀት፣ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው በሠራተኛ ብድር ላይ ነው። ለሠራተኞች በዝቅተኛ ወለድ የሚሰጥ የቤት ወይም የመኪና ብድር ውል ብዙ ጊዜ ሠራተኛው ሲለቅ ምን እንደሚሆን የሚደነግግ አንቀጽ አለው፤ ወለዱ ወደ ደንበኞች ተመን ከፍ ሊል ወይም ቀሪው ዕዳ እንዲከፈል ሊጠየቅ ይችላል። ባንኩ ለትምህርት ከፍሎላት የግዴታ አገልግሎት ፈርማ ከሆነም ቀሪው ጊዜ መታወቅ አለበት። ይህን ውል አውጥቶ ማንበብ የሚገባው ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ነው፤ ከተጻፈ በኋላ የተነበበ ውል ያስደነግጣል እንጂ አይጠቅምም።

(አጭር ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ ምስጋናው ቀርቷል። ምስጋና የሌለበት የመልቀቂያ ደብዳቤ በሕግ ፊት ሙሉ ነው፤ በአገሩ ባህል ግን ለዓመታት እንጀራ የተበላበትን ቤት ዝም ብሎ መተው ያሳፍራል። ጥሩ ምስጋና እውነተኛና የተለየ ነው፤ በተነበበው ደብዳቤ ውስጥ ከቆጣሪነት ወደ ኦፊሰርነት ያደረሰው ሥልጠና ተጠቅሷል፣ ይህም ማንም ሊጽፈው ከሚችለው የምስጋና ጋጋታ ይበልጣል።

ከምስጋናው ጋር ተያይዞ የሚመጣ አንድ ዓረፍተ ነገር ግን መጻፍ የለበትም። «ከባንኩ የምጠይቀው ምንም ዓይነት ክፍያ የለም» የሚለው ነው። ጸሐፊው በቅንነት «አልተጣላንም» ለማለት ይጽፈዋል፤ ሆኖም ያልተከፈለ የፈቃድ ገንዘብ ወይም የትርፍ ሰዓት ክፍያ ኋላ ሲጠየቅ ወረቀቱ ከሠራተኛው በተቃራኒ ይቀርባል። ማመስገንና መብትን መተው የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው በደብዳቤው ይገለጻል፣ ሁለተኛው አይገለጽም።

የሥራ ልምድ ማስረጃንም በተመለከተ፣ ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው። አድማጮች ሆይ፣ በዚህ ወር ደብዳቤ ለማስገባት የተዘጋጃችሁ ካላችሁ፣ ከመዝገብ ቤቱ ከመውጣታችሁ በፊት በቅጂያችሁ ላይ የተመታውን የገቢ ቀን ተመልከቱና በደብዳቤው ከተጻፈው የመጨረሻ የሥራ ቀን ጋር አስተያዩት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)